የ1959ኙ ሱቅና ከጀርባው የቆመው ከተማ፦ የአንድ ፎቶ ቅንብር የጉዳይ ጥናት

ለምን እንደጻፍኩት

አሮጌ የቤተሰብ ፎቶ ይዘው መጥተው «ከጀርባው የዛሬዋን አዲስ አበባ አድርጉልኝ» የሚሉ ደንበኞች በዝተዋል። ሥራው ቀላል ይመስላል። ሰማዩን ቆርጦ ማውጣት፣ ሕንጻ ማስገባት፣ አለቀ። ግን አብዛኛው ውጤት ሲታይ የሆነ ነገር ይጎረብጣል። ተመልካቹ ምክንያቱን መናገር አይችልም፣ «ፎቶሾፕ ነው» ብሎ ብቻ ያልፋል።

እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የዲዛይን ሥራ እከታተላለሁ። አብራን የምትሠራ ወጣት ዲዛይነር እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ፣ መጀመሪያ ከሽፎባት፣ ከዚያ እንደገና ከሥሩ ጀምራ ጥሩ አድርጋ ጨረሰችው። የደንበኛዋንም የልጅቷንም ስም አልጠቅስም። ሁለቱም ግን እንድጽፈው ፈቅደዋል።

ዳራው

ደንበኛዋ በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ናቸው፤ እትዬ እላቸዋለሁ። ቅመማ ቅመምና ቡና የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። ሱቁን የጀመሩት አባታቸው ናቸው፤ ያኔ ሱቁ አዲስ አበባ ውስጥ ሌላ ሰፈር ነበር። ከዚያ ዘመን የቀረ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ። ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጀርባው በቀለም ብዕር «መስከረም 1959» ተብሎ ተጽፎበታል።

ፎቶው ላይ አባትየው ጋቢ ደርበው ከሱቁ በር ፊት ቆመዋል። በሩ ክፍት ነው፣ የእንጨቱ ባንኮኒ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ይታያል። ከላይ በእጅ የተጻፈ ታፔላ አለ። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ከታፔላው በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ሰማዩን አንድ የመብራት ሽቦ ያቋርጠዋል፤ በግራ በኩል ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ገባ ብሏል።

የፈለጉት በአዲሱ ሱቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ወርዱ 1 ሜትር ቁመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ምስል ነው። «አባቴ ይቺን ከተማ እንዲህ ሆና ሳያያት ሞተ። አንድ ላይ ላያቸው እፈልጋለሁ» አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ማስዋብ ብቻ አልነበረም፤ አንድን ሰው በሕይወት ሳለ ካላያት ከተማ ጋር ማገናኘት ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ

ልጅቷ የጀመረችው በቴሌግራም በተላከላት ምስል ነው። የእትዬ የልጅ ልጅ ፎቶውን ከነመስታወቱ በስልክ አንስቶ ልኮላታል። ቴሌግራም ላይ ምስል እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን ሳይነካ ይደርሳል። የመጣው የተጨመቀው ነበር፤ በዚያ ላይ የመስታወቱ ነጸብራቅ አለበት።

ለከተማው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አንድ የሚያምር ምስል አገኘች። ከከፍታ ላይ፣ ጸሐይ ልትጠልቅ ስትል የተነሳ፣ ሰማዩ ብርቱካናማ የሆነ። በፔን ቱል የሱቁን ጠርዝ ቆርጣ ከተማውን ከኋላ አስገባች። አልገጠመም። እንዲገጥም ብላ የአባትየውን ፎቶ ቀለም ቀባችው፤ ፊታቸውን ቡናማ፣ ጋቢውን ነጭ፣ በሩን ሰማያዊ አደረገችው። ከዚያ በላዩ ላይ አንድ ወጥ ቡናማ ቃና አለበሰችው።

እትዬ ምስሉን ሲያዩ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ደክመሻል፤ ግን ሰውዬው አባቴን አይመስልም» አሏት።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በፎቶሾፕ ችሎታ ደግሞ ልጅቷ አትታማም። ችግሩ የሥራው አቅጣጫ ነበር። አዲሱ ምስል እንዲገዛ ተደርጎ አሮጌው እንዲታዘዝ ተገዷል። አሮጌው ፎቶ የተነሳበት ቦታ፣ ሰዓትና ፊልም ተወስኖ አልቋል፤ ማንም ተመልሶ አያነሳውም። አዲሱን ግን ነገ ሄዶ እንደገና ማንሳት ይቻላል። ስለዚህ መታዘዝ ያለበት አዲሱ ነው። እንደዚያ ብለን ከዜሮ ጀመርን።

ሌላም ጣጣ ነበረው። ያ የኢንተርኔት ምስል የሰው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍም ጥበቃ የሚደረግለት ሥራ ነው። ለሱቅ ግድግዳ፣ ማለትም ለንግድ የሚውል ሥራ ላይ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መጠቀም አያዋጣም።

አድማሱ የት ነው?

መጀመሪያ ፎቶው ራሱ መጣ። ከፍሬሙ ወጥቶ በ1200 ዲፒአይ ስካን ተደረገ። 12 ሴንቲ ሜትሩ 5,670 ፒክስል ያህል ይሰጣል። ወደ 1.5 ሜትር ሲለጠጥ በአንድ ኢንች 96 ፒክስል ገደማ ይደርሳል፣ ለግድግዳ ምስል ይበቃል። ይህ ፋይል ምንም ሳይነካ ለብቻው ተቀመጠ። ሥራው የተሠራው በቅጂው ላይ ነው።

ከዚያ ልጅቷ ምንም ከመቁረጧ በፊት አድማሱን እንድትፈልግ ጠየቅኳት። በፎቶው ላይ አድማስ አይታይም፣ ሱቁ ሸፍኖታል። ግን መኖሩ አይቀርም፤ ሁልጊዜም ካሜራው በተያዘበት ከፍታ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቁ ጠፍጣፋ ነገሮችን ጠርዝ በመስመር ማስረዘም በቂ ነው። የባንኮኒውን የላይኛ ጠርዝና የደጃፉን ደረጃ ጠርዝ አስረዘመቻቸው። ሁለቱ መስመሮች የተገናኙት በአባትየው ደረት ከፍታ ላይ ነው። በመገናኛው ነጥብ ላይ አግድም መስመር ብንጥል ያ አድማሱ ነው።

ይህ ብዙ ይነግራል። አንሺው ካሜራውን ደረቱ አካባቢ ይዞ፣ ከመሬት 1.2 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሆኖ፣ ፊት ለፊት አንስቷል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው እይታ ነው።

አሁን የመጀመሪያው የከተማ ምስል ለምን እንደጎረበጠ ግልጽ ይሆናል። እሱ ከከፍታ የተነሳ ነው፤ የአብዛኛው ሕንጻ ጣሪያ ከላይ ይታያል። መንገድ ላይ የቆመ ሰው ግን የረጅም ሕንጻን ጣሪያ ከላይ ሊያይ አይችልም። ዓይናችን ስሙን ባያውቀውም ይህን ስህተት ወዲያው ይይዘዋል። አባትየው መሬት ላይ ቆመዋል፣ ከተማዋ ግን ከእንጦጦ እንደሚታየው ከእግራቸው ሥር ተዘርግታለች። ለዚህ ፈጣን መፈተኛ አለ፦ አስገባዋለሁ ባልከው የከተማ ምስል ላይ የሕንጻ ጣሪያ ከላይ ከታየህ፣ ከመንገድ ላይ ለተነሳ ፎቶ አይሆንህም።

ሕንጻው ምን ያህል ቢገዝፍ ልክ ነው?

ከዚህ ጉዳይ ለእኔ በጣም የጠቀመኝ ክፍል ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

እትዬ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንጻ እንዲኖር ፈልገው ነበር። በ2014 ዓ.ም. የካቲት ላይ የተመረቀው፣ 209 ሜትር ቁመት ያለው። ልጅቷ «ከታፔላው በላይ ስንት ላድርገው?» ብላ ጠየቀች። ብዙዎቻችን በዓይን ግምት «ትንሽ አሳድጊው፣ ትንሽ ቀንሺው» እያልን ነው የምንሠራው። ግን ማስላት ይቻላል፤ ስሌቱም የአራተኛ ክፍል ነው።

የበሩን ቁመት 2 ሜትር ብለን ከያዝን፣ የታፔላው የላይኛ ጫፍ ከመሬት 2.7 ሜትር ይሆናል። ካሜራው 1.2 ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ ታፔላው ከአድማሱ 1.5 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ዘመን በተለመደ ካሜራ ይህን ያህል የሱቁ ፊት እንዲገባ አንሺው ከሱቁ 6 ሜትር ያህል ርቆ መቆም አለበት። 1.5 ለ6 ሲካፈል አንድ አራተኛ ነው።

ይህ ምን ማለት ነው? ከሱቁ ጀርባ ያለ ማንኛውም ነገር ከታፔላው በላይ ብቅ ብሎ እንዲታይ፣ ከካሜራው ከፍታ በላይ ያለው ቁመቱ ከርቀቱ አንድ አራተኛ መብለጥ አለበት። መሬቱ ሜዳ ነው ብለን ካሰብን፣ የባንኩ ሕንጻ ከካሜራው ከፍታ በላይ 208 ሜትር ገደማ ነው። በአራት ሲባዛ 832 ሜትር ይሆናል። ሱቁ ከሕንጻው ከዚህ በላይ ቢርቅ ያ ሁሉ ሕንጻ ከአንዲት ታፔላ ኋላ ተደብቆ ይቀራል! 70 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንጻ ደግሞ ከ275 ሜትር ገደማ በላይ ከራቀ አይታይም።

እዚህ ላይ ልጅቷ ደነገጠች። «እና ሙሉ ከተማው የት ሊታይ ነው?» አለች። አይታይም። መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ ፊት ቆሞ ብዙ ሕንጻ በአንድ ጊዜ አይታይም፣ በእውነትም አይታይም። ፖስተሮች ላይ የሚታየው ጥርስ ጥርስ የሚመስለው የሕንጻ ረድፍ ከሩቅና ከከፍታ ሲያዩት ብቻ ነው እንዲያ የሚሆነው።

ለእትዬ ይህን ማስረዳት ቀላል አልነበረም። እሳቸው የጠበቁት ብዙ ሕንጻ ነው። ልጅቷ ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረገች። በስሌት አላስጨነቀቻቸውም፤ ከሱቃቸው ደጅ አቁማቸው ማዶ ካለው ሱቅ በላይ የሚታየውን ሕንጻ እንዲቆጥሩ ጠየቀቻቸው። አንድ ቆጠሩ፣ ሌላም ጫፉ የሚታይ። «እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን» አሉ።

የመረጥነው ርቀት 600 ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ሕንጻው ከአድማሱ በላይ የሚኖረው ቁመት፣ ታፔላው ካለው በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ማለትም ከአድማስ እስከ ታፔላ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሕንጻው 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ያልቃል። ወደ 500 ሜትር ብንጠጋ አናቱ የፎቶውን የላይ ጠርዝ ይነካ ነበር።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ግምት ነው። አዲስ አበባ ሜዳ አይደለችም፣ አሮጌው ሌንስም በትክክል አይታወቅም። 50 ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ብንል ማንም አያውቅብንም። ስሌቱ የሚያድነው ከትልቁ ስህተት ነው፤ ሕንጻውን በሦስት እጥፍ ከማሳነስ ወይም ከማግዘፍ።

ጸሐዩ ከየት ነበር?

በፎቶው ላይ የአባትየው ጥላ መሬት ላይ ወደ ቀኝ ወድቋል። ስለዚህ ብርሃኑ ከግራ ነው። የጥላው ርዝመት የቁመታቸው ግማሽ ያህላል።

ልጅቷ መጀመሪያ የነበራትን የከተማ ምስል ብርሃኑ ከቀኝ ስለነበር በመስታወት እንደሚታይ ገልብጣው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ያደርጋል። ለተራራና ለደመና ችግር የለውም። ለሚታወቅ ከተማ ግን አይሆንም። ያንን ሙከራ ሱቁ ውስጥ ቡና ሊገዙ የመጡ አንድ አዛውንት አይተውት፣ ገና አንድ ጊዜ እንዳዩት «ይሄ ሕንጻ በዚያ በኩል ነው እኮ የሚገኘው፣ እንዴት ወዲህ ዞረ?» አሉ። የሰፈሩ ሰው ከተማውን በቀኝና በግራ ነው የሚያውቀው። የተገለበጡ የሕንጻ ላይ ጽሑፎችም ያጋልጣሉ።

ስለዚህ ራሷ ሄዳ እንድታነሳ ተወሰነ። ሁለት ነገር መገጣጠም ነበረበት። አንደኛው ከግራ የሚመጣ ብርሃን ነው። ጠዋት ጸሐይ በምሥራቅ ስላለች፣ ከግራ እንድትመጣ ወደ ደቡብ ዞሮ ማንሳት ያስፈልጋል። ከሰዓት ከሆነ ደግሞ ወደ ሰሜን። ልጅቷ ጠዋቱን መረጠች፤ ስለዚህ ከሕንጻው በስተ ሰሜን 600 ሜትር ያህል የሚርቅ የመንገድ ዳር ቦታ በካርታ ላይ ፈለገች።

ሁለተኛው የጸሐይዋ ከፍታ ነው። ለዚህ አፕሊኬሽን አያስፈልግም። አንድ ዱላ ቀጥ አድርጎ ማቆምና ጥላው የዱላው ግማሽ እስኪሆን መጠበቅ ነው። በመጋቢት ነበርና ጠዋት 4:45 አካባቢ ደረሰ። እዚህ ላይ የአገራችንን ጸሐይ ማወቅ ይጠቅማል። መስከረምና መጋቢት ላይ የጸሐይ መንገድ ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ የመስከረምን ፎቶ በመጋቢት ብርሃን ማጀብ ይቻላል። በታኅሣሥ ቢሆን ግን አዲስ አበባ ላይ ጸሐይ በቀትርም ያን ያህል ከፍ አትልም፣ የዱላው ጥላ ከግማሽ አያጥርም። ያኔ ወሩን መጠበቅ ወይም ልዩነቱን መቀበል ነው።

ካሜራ ተውሳ ሄደች። ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ፣ በቁሙ ይዛ፣ ወደ ላይ ሳታዘነብል አነሳች። ይህ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ረጅም ሕንጻ ሲነሳ እጅ በራሱ ካሜራውን ወደ ላይ ያቀናል፤ ያኔ ሕንጻው ወደ ላይ እየጠበበ ወደ ኋላ የወደቀ ይመስላል። በአሮጌው ፎቶ ላይ ግን የበሩ መቃኖች ቀጥ ያሉ ናቸው። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ማንሳትና በኋላ ታችኛውን ግማሽ፣ አስፋልቱንና መኪናውን፣ ቆርጦ መጣል ይሻላል። ጥሩነቱ በዚያው ፍሬም ውስጥ የሌሎች ባንኮች ረጃጅም ሕንጻዎችም ጠጋ ብለው ገብተው ነበር። ከአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ስለተነሱ መጠናቸው እርስ በርሱ የተስማማ ነው። እትዬም ከአንድ በላይ ሕንጻ አገኙ።

ማዋሃዱ

የቀረው ኮምፒውተር ላይ ያለው ሥራ ነው። ነገሩ ከዚህ በኋላ ቀለለ።

መጀመሪያ የከተማው ምስል ወደ ጥቁርና ነጭ ተቀየረ። ግን ቀለሙን ዝም ብሎ ማጥፋት አይደለም። አሮጌው ፊልም ያለ ማጣሪያ ሲነሳበት ሰማያዊውን ሰማይ ነጭ አድርጎ ነው የሚያወጣው፤ የአባትየው ሰማይ ባዶ ነጭ የሆነው ለዚያ ነው። ስለዚህ በ`Black & White` ማስተካከያ ውስጥ ሰማያዊውን ወደ ላይ ገፋችው። ሰማዩ ነጣ፣ ደመናው ጠፋ። ሌላም ነገር አብሮ መጣ። አየር ላይ ያለው ጭጋግ በሰማያዊ ብርሃን ጎልቶ ስለሚታይ ሩቆቹ ሕንጻዎች ፈዘዙ፣ ርቀታቸው ተሰማ።

ቀጥሎ የጥቁሩ ጉዳይ። አሮጌ ህትመት ላይ ፍጹም ጥቁር የለም። በዚህ ፎቶ ላይ እጅግ የጠቆረው ቦታ፣ የበሩ ውስጥ፣ ከ0 እስከ 255 ባለው መለኪያ 35 አካባቢ ነው። ከዲጂታል ካሜራ የመጣው ሕንጻ ግን 5 እና 6 የደረሰ ጥቁር አለው። ያንን እንዳለ ብናስገባው ከሩቅ ያለው ሕንጻ በቅርብ ካለው በር ይጠቁራል፣ ይህ ደግሞ በተፈጥሮ አይሆንም። በ`Curves` የሕንጻዎቹን ጥቁር እስከ 80 ገደማ አነሳችው። ቁጥሩ ከፎቶ ፎቶ ይለያያል። መፈተኛው ግን አንድ ነው፦ ምስሉን እንደ ቴምብር አሳንሰህ እይ። ዓይንህን መጀመሪያ የሚስበው ጥቁር ከፊት ያለው ነገር ላይ መሆን አለበት።

ከዚያ ጠርዙ። በመጀመሪያው ሙከራ ልጅቷ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ በፔን ቱል ቅጠል በቅጠል ልትቆርጥ ሞክራ፣ በየቅጠሉ ዙሪያ የአሮጌው ሰማይ ነጭ ጠርዝ ቀርቶባት ነበር። ሽቦውንም አጥፍታው ነበር። አሁን መቁረጡን ተወችው። ሕንጻዎቹን ከፎቶው በላይ ባለ ሌየር አስቀምጣ የሌየሩን ሁነታ `Multiply` አደረገችው። ይህ ሁነታ የላዩን ምስል በታችኛው ላይ እንደ ቀለም ይጨምረዋል፤ ነጩን አሳልፎ ጥቁሩን ያስቀራል። የታችኛው ሰማይ ነጭ ስለሆነ ሕንጻው ይታያል። ቅጠሉና ሽቦው ጥቁር ስለሆኑ እንዳሉ ይቀራሉ፣ ከሕንጻው ፊት ያሉ መስለው። አንድም ቅጠል አልተቆረጠም። በማስክ የተሸፈኑት ታፔላው፣ ሱቁና አባትየው ብቻ ናቸው። የማስኩም ጠርዝ እንደ ምላጭ አልተሳለም። በስካኑ ላይ የታፔላው ጠርዝ ራሱ በጥቂት ፒክስሎች ላይ ስለሚሟሟ ማስኩ ያንኑ ያህል እንዲለሰልስ ተደረገ።

ያልጠበቅነው ጥቅምም ነበረው። በአሮጌው ሰማይ ላይ የነበሩት ነጠብጣቦችና ጭረቶች በሕንጻዎቹም ላይ አለፉ። ወረቀቱ አንድ መሰለ። ልጅቷ ቀድማ ጭረቶቹን ልታጸዳ አስባ ነበር፤ የአባትየውን ፊት የነካውን አንዱን ብቻ አጥፍታ ሌላውን ተወችው።

በመጨረሻ ግሬይኑ፣ ማለትም በአሮጌ ፊልም ላይ የሚታየው ደቃቅ አሸዋማነት። ለሕንጻው ሌየር ብቻ በ`Add Noise` ቀለም አልባ ብናኝ ጨመረች፣ ከዚያ በጥቂቱ በ`Gaussian Blur` አለሰለሰችው። ሳይለሰልስ ከቀረ ብናኙ የአንድ ፒክስል መጠን ይሆናል፣ የፊልሙ ግን ከዚያ ይገዝፋል። ይህን በ100 በመቶ እይታ ነው ማነጻጸር፣ ከጋቢው ጥላ ጎን ለጎን።

ህትመቱ ላይ የታየው

ስክሪን ላይ ሁሉም አምሮ ነበር። ሙሉውን ከማተም በፊት ታፔላውንና የሕንጻውን ግርጌ የያዘ ቀጭን ቁራጭ በትክክለኛ መጠኑ አተምን። ሁለት ነገር ወጣ። ግራጫው ወደ አረንጓዴ አዘነበለ፤ ትልልቅ ማሽኖች ግራጫን ከአራት ቀለም ስለሚሠሩት ይህ የተለመደ ነው። እንዲሁም በታፔላው ቀኝ ጥግ ማስኩ ሾልኮ ቀጭን ነጭ መስመር ቀርቷል። ስክሪን ላይ አልታየም ነበር። ሁለቱም ተስተካከሉ። ግራጫው ወደ ቀዝቃዛ ከሚሄድ ይልቅ የአሮጌውን ወረቀት ሙቅ ቃና እንዲይዝ ተደረገ። ማቴሪያሉም የማያብለጨልጭ ስቲከር ሆነ፣ የሱቁ መብራት እንዳይንጸባረቅበት።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገረው

ተመሳሳይ ሥራ ለያዘ ሰው ቅደም ተከተሉን አደራ እላለሁ። መጀመሪያ አድማስ፣ ከዚያ መጠን፣ ከዚያ ብርሃን፣ ከዚያ ቃና፣ በመጨረሻ ግሬይን። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ ሰው ቡናማ ቃናና ግሬይን ጨምሮ አድማሱ የተዛባውን ምስል ለማዳን ይታገላል። አድማሱ ካልገጠመ ግን ከላይ የሚጨመር ምንም ነገር አያድነውም። አድማሱና መጠኑ ከገጠሙ ደግሞ ቃናው ትንሽ ቢዛነፍ እንኳ ዓይን ይቅር ይላል።

ሰውየውን አለመንካት ደግሞ ለእኔ የማይታለፍ ነው። የከተማውን ምስል እንደፈለጋችሁ አደብዝዙት፣ ቁረጡት። የሟች አባት ፊት ላይ ግን ቀለም መቀባት፣ ማለስለስ፣ ማሳል፣ ቤተሰቡ ራሱ ካልጠየቀ በቀር አይገባም። እትዬ አባታቸውን ያጡት በመጀመሪያው ሙከራ ላይ ነበር፣ ምክንያቱም ፊቱ የተቀባ ነበር።

ዘዴው የማይሠራበትም አለ። `Multiply` የረዳን የአሮጌው ሰማይ ነጭ ስለነበረ ብቻ ነው። በቢጫ ማጣሪያ የተነሳ ወይም ጥቁር ደመና ያለበት ፎቶ ከሆነ ሕንጻው ይጨልማል፣ ደመናውም በሕንጻው ላይ ያልፋል። ያኔ ወደ ማስኩ መመለስ ግድ ነው። ሰውየው ነጭ ጋቢውን ራሱ ላይ ከተከናነበና ከኋላው ሰማይ ከሆነም እንዲሁ፤ ሕንጻው በጋቢው ላይ ይታተማልና።

በምስሉ ሥር የተጻፈው

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ቅንብሩ ሲሳካ ሌላ ችግር ይወልዳል፤ ሰው እውነት ነው ብሎ ያምናል። ሱቁ ድሮ የነበረው ባንኩ አጠገብ አይደለም። በ1959 ደግሞ ያ ሕንጻ አልነበረም። የዛሬው ሰው ያውቃል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ግን የልጅ ልጆቻቸው ይህን ምስል እንደ ሰነድ ሊያዩት ይችላሉ። ልጅቷ ይህን ስታነሳ እትዬ መጀመሪያ ጽሑፍ ምስሉን ያበላሸዋል ብለው አልወደዱትም። ከዚያ ራሳቸው ቃሉን መረጡ። በታችኛው ቀኝ ጥግ፣ ቀረብ ብሎ የሚያይ ሰው በሚያነበው መጠን፣ «አባቴ በሱቁ ደጅ፣ መስከረም 1959። ሕንጻዎቹ በ2016 ዓ.ም. ተነስተው የተጨመሩ» ተብሎ ተጻፈ። ያልተነካው ስካንም በፍላሽ ተገልብጦ፣ ከዋናው ፎቶ ጋር በአንድ ፖስታ ተሰጣቸው።